የቡናው መደርደሪያ ፎቶ፦ ትልቁን ቁጥር ትተው ትንሹን ያንብቡ

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣሁ አራተኛ ወሬ ነው። ከሱፐርማርኬት የቡና መደርደሪያ ፎቶ አንስቼ ልኬአለሁ። አንዱ ወረቀት ላይ 54.0፣ ሌላው ላይ 83.3፣ ሌላው ላይ ደግሞ 10.00 ይላል፤ የሚከፈለው ዋጋ ግን ሌላ ነው። ቢጫው ወረቀት ሁለት በ16 ዶላር ይላል፤ አንዱ ከረጢት ላይ ደግሞ 3 ዶላር ቀንሷል የሚል ብርቱካንማ ወረቀት ተለጥፏል። እኔ ቢጫውን ገዛሁ፤ ልጄ ግን ተታለልሽ አለችኝ። የቱ ነው ርካሹ? ከሐበሻ ሱቅ በፓውንድ 7 ዶላር የሚሸጠውን ጥሬ ቡና ብገዛስ? ሁለተኛው ፎቶ የሥጋ ነው፤ 4 ዶላር የተቀነሰለትን ልግዛ ወይስ ቅናሽ የሌለውን?»

ምላሽ፦ ልጅዎ ትክክል ናቸው። በፎቶው ውስጥ በእርግጥ ሊገዙ ከሚችሏቸው አራት የቡና ዓይነቶች መካከል በክብደት ሲሰላ እጅግ ውዱ ያው ቢጫ ወረቀት የተለጠፈበት ነው፤ ያውም ቅናሹ ከተቆጠረለት በኋላ። ርካሹ ደግሞ ምንም ዓይነት የቅናሽ ወረቀት የሌለበት፣ በመደርደሪያው ታች የተቀመጠው ትልቁ ቆርቆሮ ነው። ይህ የሆነው መደብሩ ስላጭበረበረ አይደለም። እዚያ የተጻፈው ቁጥር ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቁጥሮቹ የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ዓይነት አይደለም።

በአሜሪካ መደብሮች መደርደሪያ ጠርዝ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዋጋ ይይዛል። አንዱ፣ በትልቁ የተጻፈው፣ ዕቃውን አንሥተው ሲሄዱ የሚከፍሉት ዋጋ ነው። ሌላው፣ ብዙ ጊዜ በግራ በኩል በብርቱካንማ ወይም በቢጫ ሳጥን ውስጥ በትንሹ የሚጻፈው፣ የመለኪያ ዋጋ ነው፤ ይኸውም የዚያ ዕቃ አንድ አውንስ ወይም አንድ ፓውንድ ስንት እንደሚያወጣ ይነግራል። በቆርቆሮው ወረቀት ላይ ያዩት 54.0 ማለት አንዱ አውንስ 54 ሳንቲም ነው ማለት ነው እንጂ 54 ዶላር ማለት አይደለም። የሚከፈለው 13 ዶላር ከ99 ሳንቲም፣ ክብደቱ 25.9 አውንስ ነው፤ 13.99 ÷ 25.9 = 0.54። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ብዙዎቹ ወረቀቶች ሳንቲሙን ያለ ነጥብ፣ ከፍ አድርገው በትንንሽ ቁጥር ስለሚጽፉት ደብዘዝ ባለ ፎቶ ላይ 13.99 የሚለው 1399 ሆኖ ይታያል። በተቃራኒው የመለኪያ ዋጋው ነጥብ ስላለው ዋናውን ዋጋ ይመስላል። ስለዚህ ፎቶ ሲያነቡ መጀመሪያ የሚፈልጉት ቁጥሩን ሳይሆን ከቁጥሩ ሥር ያለችውን ቃል መሆን አለበት፤ «በአውንስ» ወይም «በፓውንድ» የምትል ቃል ካለች ያ የመለኪያ ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ግራ መጋባት የመጣው ከዚያችው ትንሽ ቃል ነው። ባለ 2 ፓውንዱ ከረጢት 10.00 የሚል የመለኪያ ዋጋ አለው፤ አጠገቡ ያለው ትንሹ ከረጢት ደግሞ 83.3 ይላል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው ወይ 10.00 ከ83.3 ያንሳል ብሎ ያስባል፣ ወይም 10 ዶላር ከ83 ሳንቲም በብዙ እጥፍ ይበልጣል ይላል። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው የተለካው በፓውንድ፣ ሁለተኛው በአውንስ ነው። አንድ ፓውንድ 16 አውንስ ሲሆን በእኛ መለኪያ 453.6 ግራም ይሆናል። 10 ዶላርን ለ16 ብናካፍለው 62.5 ሳንቲም በአውንስ እናገኛለን፤ ማለትም ትልቁ ከረጢት ከትንሹ በአውንስ 20 ሳንቲም ያህል ይረክሳል። (ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው እየተባለ ያደገ ሰው በ16 የሚቆጠር ፓውንድ ሊከብደው አይገባም፤ የሚለምዱት በሁለት ሳምንት ነው።) ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ ማምጣት ብቻ ይበቃል፤ ፓውንዱን ለ16 ማካፈል ወይም አውንሱን በ16 ማባዛት።

አንድ መደርደሪያ ላይ ሁለት መለኪያ ለምን ይጻፋል? አብዛኛውን ጊዜ ተንኮል የለበትም። እያንዳንዱ ዕቃ በመደብሩ መዝገብ ሲገባ ክብደቱ አምራቹ በማሸጊያው ላይ እንደጻፈው ይመዘገባል፤ አንዱ «2 ፓውንድ» ሲል ሌላው «12 አውንስ» ይላል፣ ወረቀቱም ያንኑ ተከትሎ ይታተማል። የመለኪያ ዋጋ እንዲጻፍ የሚያስገድድ አገር አቀፍ ሕግ በአሜሪካ የለም፤ ጉዳዩ ለየግዛቶቹ የተተወ ነው። እርስዎ ያሉበት ሜሪላንድ፣ እንዲሁም ኒው ዮርክና ማሳቹሴትስ በሕግ ያስገድዳሉ፤ ሌሎች ብዙ ግዛቶች ደግሞ ለመደብሩ ፈቃድ ይተዉታል። የፌዴራሉ የመለኪያና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2014 ባወጣው መመሪያ ተመሳሳይ ዕቃዎች በአንድ መለኪያ እንዲጻፉ መክሯል፤ መመሪያ ግን ምክር ነው። ስለዚህ ወንዝ ተሻግረው ቨርጂኒያ ሲገበዩ ትንሹን ቁጥር ጨርሶ ቢያጡት ወይም በሌላ መለኪያ ተጽፎ ቢያገኙት አይደነቁ።

ወረቀቱ ባይኖርም እንኳ መሠረቱ ከእጅዎ አይወጣም። የታሸገ ዕቃ የተጣራ ክብደቱን በማሸጊያው ፊት ላይ የመጻፍ ግዴታ አለበት፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በአውንስ ብቻ ሳይሆን በግራምም ጭምር ነው። የቆርቆሮው ግርጌ ላይ 25.9 አውንስ ከሚለው ቀጥሎ በቅንፍ 734 ግራም ተጽፏል፤ በኪሎ ማሰብ የሚቀናው ሰው በዚያ ማስላት ይችላል። የሚጠነቀቁለት አንድ ነገር ግን አለ፤ በማሸጊያ ላይ «ፍሉይድ አውንስ» የሚል ሲያዩ እሱ የክብደት ሳይሆን የይዘት መለኪያ ነው፤ 29.6 ሚሊ ሊትር ያህል ማለት ነው። በጠርሙስ የሚሸጥ የተዘጋጀ ቡናና ዱቄት ቡና በአውንስ ዋጋ ሊወዳደሩ አይችሉም።

አሁን ወደ ቢጫው ወረቀት እንምጣ። ከረጢቱ 12 አውንስ ነው። መደበኛ ዋጋው 9 ዶላር ከ99፣ የመለኪያ ዋጋው 83.3 ሳንቲም ነው። ሁለቱ በ16 ዶላር ሲሆኑ አንዱ 8 ዶላር ይመጣል፤ 8 ÷ 12 = 0.667፣ ማለትም 66.7 ሳንቲም በአውንስ። ይህ ከራሱ ከቀድሞው ዋጋ አንጻር አንድ አምስተኛ ያህል ቅናሽ ነው፤ ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ከባለ 2 ፓውንዱ ከረጢት 62.5 እና ከቆርቆሮው 54.0 ይበልጣል። የቢጫ ወረቀት ሥራ ዕቃውን ከትናንት ዋጋው ጋር ማወዳደር እንጂ ከጎረቤቱ ጋር ማወዳደር አይደለም።

ቢጫው ወረቀት ሌላም ጣጣ አለው። በፎቶው ላይ ጠጋ ብለው ቢመለከቱ ከላይ የተለጠፈው በነባሩ ወረቀት ላይ ስለሆነ የግራውን ሳጥን በከፊል ሸፍኖታል፤ የሚታየው 83.3 የቀድሞው የመለኪያ ዋጋ ነው እንጂ የቅናሹ አይደለም። አንዳንድ መደብሮች በቅናሹ ወረቀት ላይ አዲሱን የመለኪያ ዋጋ ያትማሉ፤ ብዙዎቹ አያትሙም። ከግርጌው ደግሞ በጣም በትንሹ «ዊዝ ካርድ» ይላል። ይህ ማለት የመደብሩ የአባልነት ካርድ ወይም በእሱ የተመዘገበ ስልክ ቁጥር ካልገባ በስተቀር ገንዘብ ተቀባዩ ጋ የሚወጣው መደበኛው ዋጋ ነው። ካርድ ሳያስገቡ ከፍለው ከሆነ ሁለቱን ከረጢት የገዙት በ16 ሳይሆን በ19 ዶላር ከ98 ነው። በተጨማሪም «ሁለት በ16» ሲባል በብዙ መደብሮች አንዱን ብቻ በ8 መግዛት ይቻላል፤ «መስት ባይ» የሚል ከተጨመረበት ግን አይቻልም፣ የተባለውን ያህል መግዛት ግድ ነው። አንድ ሰው ብቻዎን ቡና የሚጠጡ ከሆነ ሁለተኛውን ከረጢት ሳያስፈልግዎ ተሸክመው አይሂዱ።

ብርቱካንማው ወረቀት ከቢጫው በባሕርይው ይለያል። ቢጫው የተለጠፈው መደርደሪያው ላይ ነው፤ ስለዚህ የዚያን ዓይነት ከረጢት ሁሉ ይመለከታል፣ በሳምንቱ ማብቂያም ይነሣል። ብርቱካንማው ግን የተለጠፈው በአንዱ ከረጢት ላይ ነው፤ የሚመለከተውም ያንን ከረጢት ብቻ ነው። ሠራተኛው እንዲህ ያለውን የሚለጥፈው ቀኑ ለተቃረበ፣ ማሸጊያው ለተጎዳ፣ ወይም ከመደብሩ ሊወጣ ለተወሰነ ዕቃ ነው። ከጀርባው ያሉት መሰሎቹ በሙሉ ዋጋ ናቸው፤ ስለዚህ የለጠፉበትን ትተው ከኋላ «አዲሱን» ቢያወጡ ቅናሹም ይቀራል። ይህኛው ከረጢት 10 አውንስ፣ መደበኛ ዋጋው 8 ዶላር ከ99 ነው፤ 3 ዶላር ሲቀነስ 5 ዶላር ከ99፣ በአውንስ 59.9 ሳንቲም ይሆናል። ከመደርደሪያው ጠርዝ ያለው ወረቀት ግን አሁንም 89.9 ይላል፤ ምክንያቱም ብርቱካንማውን ወረቀት አያውቀውም። የቅናሽ ወረቀት ያለበትን ዕቃ ሁሉ በራስዎ ማስላት የሚኖርብዎ ለዚህ ነው፤ የስልክዎ ካልኩሌተር ይበቃል። ሲያሰሉም ወረቀቱ የሚለው «ይህን ያህል ቀንሷል» ይሁን ወይስ «አሁን ይህን ያህል ነው» በሚገባ ይለዩ። 3 ዶላር ቀንሷል እና 3 ዶላር ሆኗል በአንድ ዓይነት ቀለም በአንድ ዓይነት ወረቀት ይታተማሉ።

እዚህ ላይ ልጅዎም ሳያዩት ያለፉት የሚመስለኝን አንድ ነገር ላንሣ። በፎቶው ግራ ጫፍ አምስተኛ ወረቀት አለ፤ ዋጋው 14 ዶላር ከ99፣ የመለኪያ ዋጋው 49.1 ሳንቲም ነው። በቁጥር ብቻ ከሄድን የመደርደሪያው ርካሽ እሱ ነው፤ ከበላዩም ያው ትልቁ ቆርቆሮ ተደርድሯል። ሆኖም ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ክብደት 30.5 አውንስ ሲሆን የቆርቆሮዎቹ ፊት 25.9 ይላል። ይህ የሌላ ዕቃ ወረቀት ነው። ባለ 30.5ቱ አልቋል፤ ባዶ ቦታ እንዳይታይ ሠራተኛው የጎረቤቱን ቆርቆሮ ገፋ አድርጎ ሞልቶታል። ይህ በየመደብሩ በየምሽቱ የሚደረግ የተለመደ አሠራር ነው። ከዚያ ቦታ ያነሡት ቆርቆሮ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ 13 ዶላር ከ99 ነው የሚወጣው፤ የሚያገኙትም 25.9 አውንስ ነው። ስለዚህ በፎቶ ላይ ወረቀትና ዕቃ ሲያገናኙ በቦታ ቅርበት አይመኑ። መጀመሪያ ስሙን፣ ቀጥሎ ክብደቱን ያስተያዩ፤ ሁለቱ ከተስማሙ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቢጠራጠሩ በማሸጊያው ላይ ካለው ባለ 12 አሐዝ የባርኮድ ቁጥር የመጨረሻዎቹን አራት ወይም አምስት አሐዞች በወረቀቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ያስተያዩ። ወረቀቱ አንዳንድ ጊዜ የመጨረሻዋን አንድ አሐዝ ይተዋል፤ እሷ ብቻ ብትጎድል ዕቃው ያው ነው።

በአንድ መደብር የዋጋ ክፍል ለዓመታት የሠራሁ ነኝ፤ ይህን ስሕተት ከገዢም ከሠራተኛም አይቻለሁ። የሳምንቱ ቅናሽ በሚቀየርበት ሌሊት በሺዎች የሚቆጠሩ ወረቀቶች አንሥተን በሺዎች የሚቆጠሩ እንለጥፍ ነበር። ንጋት ላይ ሁልጊዜ ያልተነሣ የባለፈው ሳምንት ቢጫ ወረቀት የሆነ ቦታ ይገኛል። በቢጫው ወረቀት ግርጌ የማብቂያ ቀን የሚጻፈው ለዚህ ነው፤ በፎቶዎ ላይ ግን ያች መስመር በመብራቱ ነጸብራቅ ነጭ ሆናለች፣ ላነባት አልቻልኩም። ፎቶ ሲያነሡ ስልኩን ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር ትይዩ አድርገው በወረቀቱ ቁመት ልክ ዝቅ ይበሉ። ከላይ ወደ ታች አዘቅዝቀው ካነሡት የታችኛው መደርደሪያ ወረቀት የላይኛው ዕቃ ይመስላል፤ ከጎን ካነሡት ደግሞ እያንዳንዱ ወረቀት አንድ ዕቃ ወደ ጎን የተንሸራተተ ይመስላል። አንድ ሰፊ ፎቶ፣ ከዚያ ለየወረቀቱ አንድ አንድ የቅርብ ፎቶ፣ ከተቻለም የማሸጊያው ፊት አብሮ የገባበት፤ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ያም ሆኖ ፎቶው የሚናገረው ስለተነሣበት ቀን ብቻ ነው። ወረቀቱን በትንሽ ስክሪን የተኩ መደብሮች ዋጋውን ከቢሮ ሆነው ይቀይሩታል፤ የማክሰኞ ፎቶ ለቅዳሜ ገበያ ማስረጃ አይሆንም።

ስለ ጥሬው ቡና ያነሡት ጥያቄ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ የፓውንድ ዋጋ ራሱ ያታልላል። የቆርቆሮው ቡና በፓውንድ ሲሰላ 0.54 × 16 = 8.64 ዶላር ነው፤ ጥሬው 7 ዶላር። ልዩነቱ አንድ ዶላር ከ64 ሳንቲም ይመስላል። ነገር ግን ቡና ሲቆላ ውሃው ስለሚተን ገለባውም ስለሚለቅ፣ እንደ አቆላሉ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል። እማማ ቤት በረከቦት አጠገብ ተቀምጦ ያደገ ሁሉ ፍሬው ሲቆላ ሲያብጥ አይቷል፤ መጠኑ ሲጨምር ክብደቱ ግን ይቀንሳል። አንድ ፓውንድ ጥሬ ቡና ለዘብ ብሎ ከተቆላ 0.85 ፓውንድ፣ ጠቆር ብሎ ከተቆላ 0.80 ፓውንድ ይቀራል። ስለዚህ የተቆላው ቡና ትክክለኛ የፓውንድ ዋጋ 7 ÷ 0.85 = 8.24 ዶላር ነው፤ ጠቆር ካለ 7 ÷ 0.80 = 8.75 ዶላር። ማለትም በዋጋ ከቆርቆሮው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። በሐበሻ ሱቅ የሚመዘነው ቡና ታሽጎ የሚሸጥ ከሆነ ክብደቱ በላዩ ተጽፎ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ «አንድ ላስቲክ» የሚለው መለኪያ አንዳንዴ ፓውንድ አይሞላም።

የመለኪያ ዋጋ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ቆርቆሮው የተፈጨ ነው፤ ሲከፈት ጣዕሙ ቶሎ ይሸሻል። ትልቁ ከረጢት የተቆላ ፍሬ ነው። ጥሬው ደግሞ በደረቅ ቦታ ለወራት ይቆያል፤ የፈለጉትን ያህል ብቻ ቆልተው ያወርዳሉ። ትንሿ ቁጥር ይህን ሁሉ አታውቅም፤ ዋጋን ለክብደት ታካፍላለች፣ በቃ። ስለዚህ የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ቤት ውስጥ ጀበና ካለ ጥሬውን ይግዙ፤ ጠዋት ጠዋት በማሽን ለሚጠጣ ቡና ቆርቆሮውን ይግዙ፤ ብርቱካንማ ወረቀት ያለበትን ከረጢት ያገኙ ዕለት ቀኑን አይተው ቢያነሡት አይቆጭም፤ ቢጫውን ግን ሁለት በ16 እስካለ ድረስ ይተዉት። በአውንስ ከቆርቆሮው ጋር እኩል እንዲሆን ሁለቱ በ13 ዶላር መሸጥ ነበረባቸው።

የሥጋው ፎቶ ከቡናው ይልቅ ቀላል ነው፤ ምክንያቱም በሥጋ ማሸጊያ ላይ ሦስቱም ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ተጽፈዋል፤ የተጣራ ክብደት፣ የፓውንድ ዋጋና ጠቅላላ ዋጋ። የተጣራ ሲባል ሳህኑና ፕላስቲኩ ተቀንሰዋል ማለት ነው። ያነሡልኝ የመጀመሪያው 2.14 ፓውንድ፣ በፓውንድ 7 ዶላር ከ99፣ በጠቅላላ 17 ዶላር ከ10 ነው። 4 ዶላር ሲቀነስ 13 ዶላር ከ10 ይሆናል፤ ለ2.14 ሲካፈል በፓውንድ 6 ዶላር ከ12 ሳንቲም ነው። አጠገቡ ያለው ትልቁ እሽግ ምንም ቅናሽ የለውም፤ 3.52 ፓውንድ፣ በፓውንድ 5 ዶላር ከ99 ነው። ሁለቱም አጥንት የለሽ መሆናቸው በወረቀቱ ላይ ስለተጻፈ በቀጥታ ይወዳደራሉ፤ ያልተቀነሰለት በ13 ሳንቲም ይረክሳል። ትልቁ አጥንት ያለበት ቢሆንና አጥንቱ አንድ አምስተኛውን ቢይዝ ኖሮ የሥጋው ዋጋ 5.99 ÷ 0.8 = 7.49 ይሆንና ፍርዱ ይገለበጥ ነበር። አጥንት ያለው ሥጋ ለቅቅል መልካም ነው፤ ለክትፎ የሚገዛ ሰው ግን አጥንቱን ሳያሰላ የፓውንድ ዋጋ አያወዳድር።

ነገር ግን በፎቶው ቀኝ ጥግ፣ በግማሽ ተቆርጦ የወጣ ሌላ እሽግ አለ። ሥጋው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ የፓውንድ ዋጋውም ያው 7 ዶላር ከ99፣ ያው የ4 ዶላር ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ክብደቱ ግን 1.30 ፓውንድ ብቻ ነው። ጠቅላላ ዋጋው 10 ዶላር ከ39 ነበር፤ 4 ሲቀነስ 6 ዶላር ከ39፣ በፓውንድ 4 ዶላር ከ92 ሳንቲም ይሆናል። በዚያ ፎቶ ውስጥ ከሁሉ የረከሰው እሱ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሚቀነሰው ገንዘብ ቁርጥ ያለ ሲሆን እሽጉ ባነሰ ቁጥር ቅናሹ በፓውንድ ይጎላል፤ አራቱ ዶላር የሚከፋፈሉት ለጥቂት ሥጋ ነውና። ወረቀቱ በመቶኛ የተጻፈ ቢሆን ግን፣ ለምሳሌ 30 በመቶ ቢል፣ ሁሉም እሽግ በፓውንድ እኩል ስለሚቀንስ መምረጥ አያሻም። የቅናሽ ወረቀቱ የዶላር ከሆነ ከተለጠፈባቸው መካከል ቀላሉን እሽግ ያንሡ፤ ሁለት ቢያስፈልግዎ ሁለት ትንንሽ። እንዲህ ያለው ወረቀት የሚለጠፈው ቀኑ ሲቃረብ ስለሆነ በዚያው ዕለት ያብስሉት ወይም ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት፤ የሚያድር ከሆነ አይግዙት።

አሁን ደረሰኝዎን ይፈልጉ። ሁለቱ ከረጢት ቡና 16 ዶላር ሆነው ከወጡ ቅናሹን አግኝተዋል፤ ጉዳዩ እዚያ ያበቃል። በሜሪላንድ ቤት የሚዘጋጅ ምግብ በአብዛኛው የሽያጭ ቀረጥ ስለማይጨመርበት ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ሊስማማ ይገባል። 19 ዶላር ከ98 ከወጡ ግን ደረሰኙንና ፎቶውን ይዘው፣ ከረጢቶቹን ሳይከፍቱ፣ ወደ መደብሩ የደንበኞች አገልግሎት ጠረጴዛ ይሂዱ። ካርድ ከሌለዎት እዚያው በስልክ ቁጥርዎ በነጻ ያስመዝግቡዎታል፤ ልዩነቱን፣ 3 ዶላር ከ98ን፣ እንዲመልሱልዎ ይጠይቁ። እምቢ ቢሉ ሁለቱንም ከረጢት መልሰው ገንዘብዎን ይውሰዱና ቆርቆሮውን ይግዙ።